አንድ ባንድ ብቻ ያየሁበት ጄል እና 183 በመቶ የወጣው ሠንጠረዥ

ጄሉን ከማጠቢያው አውጥቼ ነጩ መብራት ላይ ሳስቀምጠው ልቤ ሞላ። 39 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ሰማያዊ ባንድ አለ፣ ከላይም ከታችም ባዶ ነው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁና ለአማካሪዬ ላክሁ። መልሱ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ስንት ማይክሮግራም ነው የጫንሽው? ሠንጠረዡስ የታለ?»

የመጀመሪያውን መመለስ አልቻልኩም። ሁለተኛውን ደግሞ ቲሲሱን ስጽፍ እሠራዋለሁ ብዬ ያቆየሁት ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በነዚያ ሳምንታት የተማርኩትን እጽፋለሁ። ሂስ ታግ ያለው ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታጠሩ የተነሳችሁ ካላችሁ ሦስቱን ሳምንት ትቆጥቡታላችሁ።

የሠራሁበት ፕሮቲን የሰው ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ኤ ነው። ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት የሚቀይር ኤንዛይም ነው፣ ጡንቻ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ጂኑ ፒኢቲ28 ፕላስሚድ ላይ ነበር፣ ስድስት ሂስቲዲን ከፊቱ ተቀጥሎበታል፣ ሂስ ታግ የሚባለው ይህ ነው። ከነታጉ አንዱ ሰንሰለት 39 ኪሎዳልተን ገደማ ይመዝናል። በተፈጥሮው አራቱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። ጄሉ ውስጥ ያለው ኤስዲኤስ የሚባል ሳሙና ግን ስለሚበታትናቸው ጄል ላይ የምናየው የነጠላውን ክብደት ነው።

ባክቴሪያው ቢኤል21 የሚባለው ኢ. ኮላይ ነው። አንድ ሊትር ካልቸር በ37 ዲግሪ አሳድጌ የባክቴሪያውን ብዛት የሚያሳየው ኦዲ 0.6 ሲደርስ ጂኑን ሥራ የሚያስጀምረውን አይፒቲጂ 0.5 ሚሊሞላር ጨመርኩ። ከዚያ ሙቀቱን ወደ 18 አውርጄ አሳደርኩት። ጠዋት 6 ግራም ፔሌት አገኘሁ። ግማሹን ለዚያው ቀን ተጠቀምኩበት፣ ግማሹን ማይነስ 80 ውስጥ አስቀመጥኩ። ያ ያስቀመጥኩት ግማሽ በኋላ አዳነኝ።

3 ግራሙን በ20 ሚሊሊትር ባፈር በጠበጥኩት። ባፈሩ 50 ሚሊሞላር ሶዲየም ፎስፌት፣ 300 ሚሊሞላር ጨው እና 10 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል አለበት፣ ፒኤቹ 8.0 ነው። ኢዲቲኤ የለበትም። ብዙ የላይሲስ ባፈር አሠራሮች ላይ ኢዲቲኤ ስለሚኖር ሳያስቡት መጨመር ይመጣል። ኢዲቲኤ ፕሮቲኑን የሚይዘውን ኒኬል ከኮለሙ ሬዚን ላይ ገፎ ይወስደዋል። ሰማያዊው ሬዚን ዓይናችሁ እያየ ነጭ ከሆነ ይህ ነው የሆነው። በረዶ ላይ 10 ሰከንድ እየሠራሁ 20 ሰከንድ እያሳረፍኩ ሶኒኬት አደረግኩት። ከዚያ በ15,000 ጂ ለ30 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጌ የጠራውን ላይዜት ወሰድኩ። ክሩድ የምለው ይህንን ነው።

ኮለሙ ላይ ያለው ነገር ቀላል ነው። ሬዚኑ ላይ የታሰረው ኒኬል ሂስቲዲን ይወዳል። ተራ ፕሮቲን አንድ ሁለት ሂስቲዲን ገላው ላይ ሊኖረው ይችላል፣ ይይዛል ግን ላላ ብሎ ነው። ስድስት ሂስቲዲን ተከታትሎ ያለው ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ኢሚዳዞል ማለት የሂስቲዲን ቀለበት ራሱ ነው። ስለዚህ ስንጨምረው ቦታ ይሻማል። ትንሽ ስንጨምር ላላ ያለውን ያስለቅቃል፣ ብዙ ስንጨምር የኛንም ያወጣዋል። ጥበቡ ያለው «ትንሽ» ስንት ነው የሚለው ላይ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት እንዲህ ነው። 2 ሚሊሊትር ሬዚን ላይ ላይዜቱን አሳለፍኩ። በ20 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል 20 ሚሊሊትር አጠብኩ። ከዚያ በ250 ሚሊሞላር አወጣሁ፣ በአንድ አንድ ሚሊሊትር ሰባት ቱቦ። ከ2 እስከ 6 ያሉትን አንድ ላይ ቀላቀልኩ፣ ኢሉሽን የምለው ይህንን ነው። 5 ሚሊሊትር፣ በሚሊሊትር 5.6 ሚሊግራም፣ በድምሩ 28 ሚሊግራም። ከአንድ ኮለም ይህን ያህል ማግኘቴ ራሱ አስፈነጠዘኝ።

አሁን ወደ ጄሉ። የመጀመሪያው ጄሌ ላይ ኢሉሽኑን እንዳለ ነበር የጫንኩት። የወጣው ባንድ ሳይሆን የፈሰሰ ቀለም ነው የሚመስለው፣ ጎረቤቱ ጉድጓድ ድረስ ዘልቋል። እሱን ለማስተካከል በሚቀጥለው 1 ለ50 አቀጠንኩት። ፎቶ ያነሳሁት ይሄኛውን ነው። የአማካሪዬ ጥያቄ ሲመጣ ተቀምጬ አሰላሁት። 5.6 ለ50 ሲካፈል 0.112 ሚሊግራም በሚሊሊትር ነው። ከሳምፕል ባፈሩ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሦስት አራተኛው ይቀራል። 10 ማይክሮሊትር ስጭን ጉድጓዱ ውስጥ የገባው 0.84 ማይክሮግራም ነው። አንድ እንኳ አይሞላም።

ኩማሲ ተራው ቀለም በዓይን የሚታይ ባንድ ለመስጠት ወደ 0.1 ማይክሮግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። እንግዲህ አስቡት። ናሙናዬ ውስጥ 20 በመቶ ቆሻሻ ቢኖር እንኳ በጠቅላላው 0.17 ማይክሮግራም ነው። ያ ደግሞ አራት አምስት ባንድ ላይ ይከፋፈላል። አንዱም ብቻውን አይታይም። ጄሉ ፕሮቲንሽ የጠራ ነው አላለኝም። ጄሉ ያለው፣ በዚህ ጭነት ከአንዱ በቀር ሌላውን ማየት አልቻልኩም ነው።

ያንኑ ናሙና 10 ማይክሮግራም አድርጌ እንደገና ጫንኩት። ጄሉ ሲሄድ መብራት ጠፋ፣ ለአርባ ደቂቃ ቆመ፣ ባንዶቹ ትንሽ ደብዘዝ አሉ። እንዲያም ሆኖ የሚታየው ታየ። 25 ኪሎዳልተን አካባቢ ግልጽ ባንድ አለ። ከ70 ከፍ ብሎ ሌላ አለ። በመካከል ሦስት ቀጫጭኖች። «የጠራው» ፕሮቲኔ ጓደኞቹን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው።

ከ25 አካባቢ ያለውን ሂስ ታግ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኛል። ስላይዲ የሚባል የኢ. ኮላይ የራሱ ፕሮቲን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጫፉ በሂስቲዲን የተሞላ ስለሆነ ታግ ሳይኖረው ኒኬል ላይ ይጣበቃል። ክብደቱ 21 ገደማ ቢሆንም ጄል ላይ ከዚያ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ከ70 በላይ ያለው ደግሞ አርንኤ ሊሆን ይችላል፣ እሱም 74 የሚመዝን የታወቀ ተለጣፊ ነው። ማስ ስፔክ ስላላሠራሁ ከመጠርጠር አልዘልም።

ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ዘዴ ጄል አጫጫን ላይ ነው። ያንኑ ናሙና ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ላይ እጭናለሁ፣ አንዱን 10 ማይክሮግራም፣ ሌላውን 0.5 ማይክሮግራም። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሃያኛ ነው፣ ማለትም 5 በመቶ። አሁን 10 የጫንኩበት ላይ ያለውን የቆሻሻ ባንድ፣ 0.5 ከጫንኩበት ዋና ባንድ ጋር አስተያያለሁ። እኩል ከደመቁ ያ ቆሻሻ 5 በመቶ ገደማ ነው። ከደበዘዘ ከዚያ በታች ነው። ይህ ዘዴ ጄሉን ስካን አድርጎ ባንድ ከመለካት ይልቅ ብዙ ጊዜ ያስተማምነኛል። ምክንያቱም 10 ማይክሮግራም ላይ ዋናው ባንድ ቀለሙ ሞልቶበት ቆሟል፣ ከዚያ በላይ አይደምቅም። ሶፍትዌሩ ዋናውን አሳንሶ ይለካዋል፣ ቆሻሻውም ከእውነቱ የበዛ ይመስላል። በእርግጥ ኩማሲ ሁሉንም ፕሮቲን እኩል አይቀባም፣ ስለዚህ ይህም ግምት ነው። በዚህ ግምት የመጀመሪያው ሥራዬ 80 በመቶ ገደማ የጠራ ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሩዱን፣ ሳይያዝ ያለፈውን እና ማጠቢያውን ከኢሉሽኑ ጋር አንድ ጄል ላይ ስትጭኑ ምን ልትጠይቁ እንደፈለጋችሁ ወስኑ። ፕሮቲኔ የት ጠፋ ከሆነ ጥያቄው፣ ከሁሉም ከጠቅላላው እኩል ክፍልፋይ ጫኑ። ምን ያህል ጠራ ከሆነ እኩል ማይክሮግራም ጫኑ። እኔ ሁሉንም እኩል 10 ማይክሮሊትር እየጫንኩ ሁለቱንም ለመመለስ እሞክር ነበር። አንዱንም አልመለስኩም።

ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ።

የማጥራት ሠንጠረዥ በየደረጃው ሁለት ነገር ይቆጥራል፣ ጠቅላላ ፕሮቲን እና ጠቅላላ አክቲቪቲ። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ስፔሲፊክ አክቲቪቲ ይሰጣል። ይህም አንድ ሚሊግራም ፕሮቲን ውስጥ ስንት ዩኒት ኤንዛይም አለ ማለት ነው። እየጠራ ሲሄድ ከፍ ይላል። ከክሩዱ ስንት ጊዜ ከፍ እንዳለ ስንት እጥፍ ጠራ እንላለን። ከክሩዱ ጠቅላላ አክቲቪቲ የተረፈው መቶኛ ደግሞ ምን ያህሉን እጃችን ላይ እንዳስቀረን ይነግረናል።

የኔ ኤንዛይም ሲሠራ ኤንኤዲኤች ያቃጥላል። ኤንኤዲኤች በ340 ናኖሜትር ብርሃን ይውጣል፣ ሲቃጠል ይቀንሳል። አንድ ሚሊሊትር ኩቬት ውስጥ 0.2 ሚሊሞላር ኤንኤዲኤች እና 1 ሚሊሞላር ፓይሩቬት አደርጋለሁ። ከዚያ 10 ማይክሮሊትር ኤንዛይም ጨምሬ ንባቡ በደቂቃ ስንት እንደሚወርድ አያለሁ። አንድ ዩኒት ማለት በደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ኤንኤዲኤች የሚቀይር ነው። ኩቬቱ 1 ሴንቲሜትር ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
U/mL = (ΔA/min ÷ 6.22) × (1.0 ÷ 0.01) × dilution
```

6.22 የኤንኤዲኤች የመዋጥ ቁጥር ነው፣ ለአንድ ሚሊሞላር።

የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሠርቼ ስጨርስ ከኮለሙ የተረፈው 183 በመቶ ሆነ። ከገባው በላይ ወጣ ማለት ነው። እጥፉ ደግሞ 15.7። ከሁሉ የሚያሳፍረው፣ እጥፉን ሳይ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኤንዛይም ኮለም ውስጥ አይፈለፈልም። ከመቶ በላይ ሲወጣ ወይ ከላይ ያለው ቁጥር በዝቷል፣ ወይ ከታች ያለው አንሷል። አንዳንዴ ክሩዱ ውስጥ ኤንዛይሙን የሚያፍን ነገር ኖሮ ሲጠራ ስለሚጠፋ ከመቶ በላይ መውጣት በእውነት ይከሰታል። እሱን ከመጠርጠር በፊት ግን የራስን እጅ መጠርጠር ይቀላል። የላብ ደብተሬን ገለጥኩ። ክሩዱን 1 ለ10 ብቻ አቅጥኜ ነው የለካሁት። ከመጀመሩ በፊት ንባቡ 1.24 ነበር፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ 0.03። ልዩነቱን 1.21 ብዬ «በደቂቃ» ብዬ አስገባሁት። ከላይ ባለው ስሌት በሚሊሊትር 195 ዩኒት ይሰጣል።

ችግሩ 0.03 ማለት ኤንኤዲኤቹ አልቋል ማለት መሆኑ ነው። መቼ አለቀ? ከግማሽ ደቂቃ በፊት ሊሆን ይችላል። ኤንዛይሙ ሥራውን ጨርሶ ቁጭ ብሎ ሳለ እኔ ሰዓት እቆጥርበት ነበር። ያንኑ ክሩድ 1 ለ500 አቅጥኜ ስለካው ንባቡ ቀጥ ባለ መስመር ቀስ ብሎ ወረደ፣ በሚሊሊትር የወጣውም ከ400 በላይ ነው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሲስተካከል 7.3 እጥፍ እና 85 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መስመሩን በስክሪኑ ላይ ሳላየው ቁጥር አልወስድም። በደቂቃ ከ0.1 በላይ ከወረደ ጨምሬ አቀጥናለሁ። ሁለት የተለያየ ቅጥነት ለክቼም በሚሊሊትር አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠታቸውን አረጋግጣለሁ። ካልሰጡ አንዱ ውሸት ነው።

ከዚያ ማይነስ 80 ያስቀመጥኩትን ግማሽ አወጣሁ። ሁሉንም እንደበፊቱ አደረግኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ለወጥኩ። ከ20 ሚሊሞላር ማጠቢያው በኋላ በ40 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል 10 ሚሊሊትር ሁለተኛ ማጠቢያ ጨመርኩ። የወጣው ይኸው፦

| ደረጃ | መጠን (ሚሊሊትር) | ፕሮቲን (ሚሊግራም) | አክቲቪቲ (ዩኒት) | ዩኒት በሚሊግራም | እጥፍ | የተረፈ (%) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ክሩድ | 20 | 240 | 8,360 | 34.8 | 1 | 100 |
| ሳይያዝ ያለፈ | 20 | 192 | 219 | 1.1 | – | 2.6 |
| ማጠቢያ 20 ሚሊሞላር | 20 | 18 | 130 | 7.2 | – | 1.6 |
| ማጠቢያ 40 ሚሊሞላር | 10 | 5.5 | 620 | 113 | – | 7.4 |
| ኢሉሽን (ከ2 እስከ 6) | 5 | 21 | 6,270 | 299 | 8.6 | 75 |

የመጨረሻውን መስመር አብረን እናስላው። ኢሉሽኑን 1 ለ1000 አቅጥኜ 10 ማይክሮሊትር ስጨምር ንባቡ በደቂቃ 0.078 ወረደ። 0.078 ለ6.22 ሲካፈል 0.01254። በ100 ተባዝቶ 1.254፣ በ1000 ተባዝቶ 1,254 ዩኒት በሚሊሊትር። 5 ሚሊሊትር አለኝ፣ ስለዚህ 6,270። ብራድፎርድ በሚሊሊትር 4.2 ሚሊግራም አለ፣ ጠቅላላው 21። 6,270 ለ21 ሲካፈል 299። 299 ለ34.8 ሲካፈል 8.6።

ፕሮቲኑን በብራድፎርድ የለካሁት በምክንያት ነው። ኢሉሽኑ ውስጥ 250 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል አለ። በ280 ናኖሜትር መለካት ከፈለጋችሁ ኢሚዳዞሉ ራሱ ብርሃን ስለሚውጥ ባዶውን በዚያው ባፈር ማድረግ አለባችሁ። ውኃ ባዶ አድርጎ የለካ ሰው ያላገኘውን ፕሮቲን ያገኛል። ሌላው የፕሮቲን መለኪያ ቢሲኤ ደግሞ መዳብ ላይ ስለሚሠራ ኢሚዳዞል ያበላሸዋል።

ሳይያዝ ያለፈውን ስትለኩ አንድ ወጥመድ አለ። እዚያ ውስጥ ኤንዛይሙ ትንሽ ስለሆነ 1 ለ20 ብቻ ነው ያቀጠንኩት። በዚህ ቅጥነት ደግሞ የባክቴሪያው የራሱ ኤንዛይሞች ያለ ፓይሩቬትም ኤንኤዲኤች ያቃጥላሉ። ከፓይሩቬት ጋር 0.040፣ ያለ ፓይሩቬት 0.006 ወረደ። የኔ የሆነው ልዩነቱ 0.034 ነው። ባልቀንሰው ኖሮ ኮለሙ ከለቀቀው በላይ ለቀቀ እል ነበር።

አሁን ሠንጠረዡን ከጄሉ ጋር አስቀምጬ አነበብኩ። የሁለተኛው ሥራዬ ጄል ላይ፣ 10 ማይክሮግራም ከጫንኩበት፣ 25 ላይ ያለው ባንድ 0.5 ከጫንኩበት ዋና ባንድ ደብዘዝ ይላል። ከ70 በላይ ያለው በጭንቅ ይታያል። ሁሉም ተደምሮ 5 በመቶ አካባቢ ብዬ ገመትኩ፣ የኔ 95። የመጀመሪያው 80 ነበር። 80 ለ95 ሲካፈል 0.84 ነው። ሠንጠረዡስ ምን ይላል? የመጀመሪያው በሚሊግራም 254 ዩኒት ነበር፣ ሁለተኛው 299። 254 ለ299 ሲካፈል 0.85። ጄሉና ሠንጠረዡ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ተናገሩ። እውነት ለመናገር ከባንዱ ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ሁለቱ ባይስማሙስ? ጄሉ 95 እያለ ዩኒት በሚሊግራሙ ዝቅ ቢል ኤንዛይሙ ሞቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ኤስዲኤስ የሞተውንም ያለውንም ፈትቶ እኩል ነው የሚያሳየን፣ ባንዱ አይለይም። ወይም ደግሞ 39 ላይ ሌላ ፕሮቲን ከሥር ተደብቋል። ጄል ብቻ ይዞ እነዚህን መለየት አይቻልም።

8.6 እጥፍ ስል አንድ የላብ ጓደኛዬ «ብቻ?» አለኝ። እሱ ያነበበው ከጉበት ያጠሩ ሰዎችን ሠንጠረዥ ነው፣ እዚያ መቶ እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ይጻፋል። ግን አስሉት። 95 በመቶ የጠራው 299 ከሆነ ሙሉ በሙሉ የጠራው 315 ገደማ ነው። ክሩዱ 34.8 ነበር። እንግዲህ ገና ከመጀመሩ ከክሩዱ ፕሮቲን 11 በመቶው የኔ ኤንዛይም ነበር፣ አይፒቲጂው ሥራውን ሠርቷል። ከ11 ተነስቶ ከ100 ማለፍ አይቻልም። ልደርስበት የምችለው ጣራ 9 እጥፍ ነው። 8.6 ከጣራው ሥር ነው። ቀደም ብሎ ደስ ያለኝ 15.7 ደግሞ ሊሆን የማይችል ነበር፣ ይህን ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ እጠረጥረው ነበር።

የጠፋውንም መቁጠር ይጠቅማል። ከክሩዱ በታች ያሉትን አክቲቪቲዎች ስደምር 7,239 ነው። 1,121 ዩኒት የለም። ፕሮቲኑን ስደምር 236.5 ሚሊግራም፣ 3.5 ይጎድላል። 1,121 ለ3.5 ሲካፈል 320። ይህ ከጠራው ኤንዛይም ጋር ይቀራረባል። ብራድፎርድ ይህን ያህል የሚታመን ስላልሆነ ቁጥሩን አልምልበትም፣ ግን አቅጣጫ ሰጠኝ። የጎደለው ቆሻሻ ሳይሆን የኔ ፕሮቲን ነው፣ አልሞተም፣ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ቱቦ 7ን ለካሁት፣ ኤንዛይም ነበረው። ከሬዚኑም ትንሽ ወስጄ ሳምፕል ባፈር ውስጥ ቀቅዬ ጄል ላይ ጫንኩት፣ 39 ላይ ባንድ ወጣ። በ250 ሚሊሞላር ጥቂት ተጨማሪ ሚሊሊትር ባወጣ ይመጣ ነበር።

የ40 ሚሊሞላሩ ማጠቢያ 620 ዩኒት በልቶብኛል፣ 7.4 በመቶ። ይህ ዋጋ ነው። ለ15 ነጥብ ንጽህና ከፈልኩት። ወደ 60 ባሳድገው የበለጠ ይጠራ ይሆናል፣ ግን ያ መስመር በሚሊግራም 113 ዩኒት መያዙን እዩ፣ ከሚታጠበው ሲሶ በላይ የኔው ኤንዛይም ነው። ኢሚዳዞሉን ከመጨመር ይልቅ ሬዚኑን መቀነስ የተሻለ ይመስለኛል። 2 ሚሊሊትር ሬዚን ከ25 ሚሊግራም ብዙ እጥፍ መያዝ ይችላል። የኔ ፕሮቲን ያልሞላውን ቦታ ስላይዲና ቢጤዎቹ ሞሉት። አንድ ሚሊሊትር ብጠቀም ኖሮ የኔው ገፍቶ ያስወጣቸው ነበር።

ለኔ ሥራ፣ ኤንዛይሙን የሚያፍኑ ኬሚካሎችን ለመፈተሽ፣ 95 በቂ ሆነ። ኢሚዳዞሉን በዳያሊሲስ አስወገድኩና ተጠቀምኩበት። ክሪስታል የሚያሳድግ ሰው ግን በዚህ አይረካም። እሱ ጄል ፊልትሬሽን ይጨምራል። የኔ ኤንዛይም በአራት ተያይዞ 150 ኪሎዳልተን ገደማ ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል፣ ትንሹ ስላይዲ ወደኋላ ይቀራል። ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። እጥፉ ከ8.6 ወደ 9 ይጠጋል፣ የተረፈው ከ75 ይወርዳል፣ ጄሉም ላይ እንደገና 10 ማይክሮግራም ይጫናል።